በሱፐር ግሉ የሚለጠፍ ከመነዳሪ፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ብስክሌት የምትነዱ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ «በሁለት ደቂቃ ለጥፌ እሰጣችኋለሁ» የሚል ጎሚስታ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የያዘውን ማስቲሽ እዩ። ከአሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ ቆርጦ በሱፐር ግሉ የሚለጥፍ ከሆነ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመነዳሪ ሲነፋ ይለጠጣል፤ ሱፐር ግሉ ግን ደርቆ ድርቅ ስለሚል አብሮት አይለጠጥም። ጠርዙ ይሰነጠቅና አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ማታ ጠጥሮ ያደረ ጎማ ጠዋት ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

የጫማ ማስቲሽ ትንሽ ይሻላል፣ ሙቀት ግን አይችልም። ከጣርማበር ቁልቁል ፍሬን ይዞ የሚወርድ ብስክሌት ቸርኬው ይግላል፤ ማስቲሹም ይላላና ልጥፉ ከቦታው ይንሸራተታል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ሲተነፍስ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትክክለኛው ፓች መሀሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ነው። የብርማ ወረቀቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጎማ ለስላሳና ያልበሰለ ስለሆነ ከማስቲሹ ጋር ተዋህዶ ይያያዛል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ በፋብሪካ ስለበሰለ ይህ አይሆንለትም። ማስቲሹም ለከመነዳሪ የተሠራው፣ «ቮልካናይዚንግ» የሚባለው ይሁን። ቱቦውን ጨመቅ አድርጉት፤ አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ ውስጡ ይደርቃል፣ የደረቀ ደግሞ ለምንም አይሆንም።

እሾህ የወጋትን ትንሽ ቀዳዳ እንውሰድ፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፓች ይበቃታል። ዙሪያውን ከፓቹ ሰፋ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፣ አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ። በቀዳዳው በኩል የሚያልፍ የስፌት መስመር ካለ እሱም ይስተካከል፤ አለዚያ አየር በመስመሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል። የታሸውን ቦታ በጣት አትንኩት። ከዚያ ማስቲሹን ስስ አድርጎ መቀባት። ወፍራም ቅባት የተሻለ ይይዛል የሚሉት ስህተት ነው፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል።

ብዙ ጎሚስታ የሚያበላሸው መጠበቁ ላይ ነው። ማስቲሹ እርጥበቱ ሄዶ እስኪደበዝዝ 5 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ ጠዋት 10 ደቂቃም ሊሄድ ይችላል። እርጥብ ሳለ ከተለጠፈ ፓቹ ይንሸራተታል። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ይጨምርበታል፤ ክብሪት መለኮስማ እሳት መጥራት ነው። ሲደርቅ ፓቹን ከመሀል ወደ ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ አጥብቆ መጫን። ላዩ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ አልለቅ ካለ ይቆይ፣ ሲጎተት ጠርዙን ይዞ ይነሳል።

ቀዳዳው ቫልቩ ሥር ከሆነ «እለጥፋለሁ» የሚላችሁን አትመኑት፤ እዚያ ፓች አይይዝም፣ አዲስ ከመነዳሪ ግዙ። ከመግጠማችሁ በፊት የኮፐርቶኒውን ውስጥ በጨርቅ አብሱ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከሆነ ጨርቁን ይይዘዋል፤ ካልወጣ ደግሞ አዲሱን ልጥፍ ጨምሮ ይበሳዋል።