ኬቶኑ ይትረፍ፣ አልኮሉም ይትረፍ፦ ለጅማ ቤተ ሙከራ የትኛውን መሸፈኛ እንግዛ?

ባለፈው ክረምት አንድ የማስተርስ ተማሪ የግዢ መጠየቂያ ቅጽ ይዞ ወደ ክፍሌ ገባ። ቅጹ ላይ አምስት ጠርሙስ ዘርዝሯል፦ ኢትሊን ግላይኮል፣ ፕሮፔን ዳይታዮል፣ ዳይሃይድሮፓይራን፣ ቲቢኤስ ክሎራይድ እና ቤንዚል ብሮማይድ። በጀቱ ግን ለሁለት ብቻ ነው የሚበቃው። «ጋሼ፣ የትኞቹን ልሰርዝ?» አለኝ። ጅማ ላይ ሆነው አንድ ጠርሙስ ተሳስተው ካዘዙ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሥራውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አየነው።

የሚነሣበት ሞለኪውል ኢትል አሴቶአሴቴት ነው። በአንድ ጎኑ ኬቶን፣ በሌላው ጎኑ ኢስተር አለው። ተማሪው ኢስተሩን በሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ወደ አልኮል መቀየር፣ ከዚያ ኬቶኑ ላይ በግሪኛርድ ሪኤጀንት አንድ ሜቲል መጨመር ይፈልጋል። ችግሩ ሃይድራይዱ ኬቶኑን ከኢስተሩም አስቀድሞ መብላቱ ነው። ሳይሸፍኑ ቢሠሩት ሁለቱም ጎን አልኮል ይሆንና ቡቴን-1,3-ዳይኦል ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ኬቶኑ፣ ቀጥሎ ደግሞ አዲሱ አልኮል በየተራ ሽፋን መልበስ አለባቸው።

ብዙ ገዢ የሚጠይቀው «ይህ ሽፋን ሃይድራይዱን ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ከአምስቱ ጠርሙሶች የሚመጡት ሽፋኖች ሁሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ምንም አይለይም። የሚለየው ሽፋኑ በምን ይወልቃል፣ እሱ ሲወልቅ ጎረቤቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ለኬቶኑ፦ ግላይኮል ወይስ ዳይታዮል

ኢትሊን ግላይኮል ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ከኬቶኑ ጋር ባለ አምስት አባል ቀለበት ሠርቶ ኬታል ይሆናል፤ ቤዝንም፣ ሃይድራይድንም፣ ግሪኛርድንም ይችላል። አሲድና ውኃ ሲገናኙበት ብቻ ይወልቃል።

እኛ የሠራነው እንዲህ ነው። 13 ግራም ኢትል አሴቶአሴቴት፣ 7.5 ግራም ኢትሊን ግላይኮል፣ 0.2 ግራም ፓራ-ቶሉዊን ሰልፎኒክ አሲድ በ80 ሚሊ ሊትር ቶሉዊን ውስጥ አድርገን፣ ዲን-ስታርክ የሚባለውን ውኃ መለያ ቱቦ ገጥመን አፈላነው። ሪአክሽኑ ወደ ኋላም ስለሚመለስ የሚወጣው ውኃ እየተለየ ካልሄደ አይጨርስም። በስሌት 1.8 ሚሊ ሊትር ውኃ ይወጣል። ግላይኮሉ ራሱ ከቶሉዊኑ ጋር ትንሽ እየተሳበ ስለሚመጣ የታችኛው ንብርብር ከዚህ በለጠ ብለው አይደንግጡ፤ መጨመሩን ሲያቆም ነው የሚበቃው።

እዚህ ላይ የጅማ ከፍታ ይገባበታል። መጽሐፍ ቶሉዊን በ110 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆንን እኛ ዘንድ የሚፈላው በ103 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ አራት ሰዓት ካለ ስድስት ይመድቡ፤ መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ሳይቆጥሩ። መብራት ቢጠፋ ግን ሥራው አይበላሽም። ውኃው ቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ሲመለስ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል።

ሲያልቅ ቶሉዊኑን ከማትነንዎ በፊት በሶዲየም ባይካርቦኔት ውኃ ይጠቡት። የቀረች ጠብታ አሲድ ኬታሉን በሙቀት መልሳ ታወልቃለች። መጨረሱን ለማወቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሽፋን ያልለበሰ ኢትል አሴቶአሴቴት በፌሪክ ክሎራይድ ጠብታ ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፣ ኬታሉ ግን አያወጣም። ኬቶን መፈለጊያ ብለው ዳይናይትሮፌኒልሃይድራዚን እንዳይጠቀሙ። እሱ የሚዘጋጀው በሰልፈሪክ አሲድ ስለሆነ ሽፋኑን ራሱ አውልቆ «ኬቶን አለ» ብሎ ያታልልዎታል። እኔ በተማሪነቴ በዚህ ተታልዬ ጥሩ ምርት ደፍቻለሁ።

ፕሮፔን ዳይታዮል በበኩሉ በኦክስጅን ፈንታ ሰልፈር ያለበት ሽፋን ይሠራል። ጥንካሬው አሲድ መቻሉ ነው፤ ግላይኮሉ የሚወልቅበትን አሲድ እሱ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የሚከፈልለት ዋጋ ግን ሦስት ነው። አንደኛው ሽታው። የተቆላ ቡናችንን ያን መዓዛ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ በጣም ጥቂት የሆነ የታዮል ዘር ነው፣ ይህኛው ግን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጭስ መሳቢያው ደካማ ከሆነ ሕንፃው በሙሉ ያውቅብዎታል። ሁለተኛው አወላለቁ ነው፤ የቆየው መንገድ ሜርኩሪ ክሎራይድ ነው፣ የሜርኩሪን ቆሻሻ ደግሞ የት እንደሚያስወግዱ ሳያውቁ አይጀምሩት። በአዮዲን ወይም በሌላ ኦክሲዳይዘር ማውለቅም ይቻላል፣ ያ ግን ሌላ ግዢ ነው። ሦስተኛውን አልኮሉ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

ትራይሜትል ኦርቶፎርሜትን የሚጠቁሙ አሉ። ውኃ መለያ ቱቦ ስለማይፈልግ ለተራ ኬቶን ምቹ ነው። ለዚህ ሞለኪውል ግን አልመርጠውም፤ ከኢስተሩ አጠገብ ያለ ኬቶን ሲሞቅ ሜታኖል ጥሎ ወደ ኢኖል ኢተር ሊያዘነብል ይችላል።

ሃይድራይዱ ላይ ኬታሉ የሚጠፋበት ቦታ

ከኬታሉ 8.7 ግራም ይውሰዱ። በስሌት የሚበቃው ሃይድራይድ 0.95 ግራም ነው፤ እኛ 1.4 ግራም ተጠቀምን። ፈሳሹ ዳይኢትል ኢተር ሳይሆን ደረቅ ቴትራሃይድሮፉራን ይሁን። ኢተር በዚህ ከፍታ በ29 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ በበጋ ቀትር ላይ ክፍሉ ራሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የሚፈነዳ ትነት ባለበት ቤት ሃይድራይድ መክፈት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ሪአክሽኑ ሲያልቅ ብዙ ማኑዋል «በአሲድ ያጥፉት» ይላል። ሽፋኑ ያለ ዕድሜው የሚወልቀው እዚህ ነው። በበረዶ ቀዝቅዞ እያለ በጣም በዝግታ በመጀመሪያ 1.4 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከዚያ 1.4 ሚሊ ሊትር 15 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በመጨረሻ 4.2 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨምሩ። አሉሚኒየሙ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ይወርዳል፣ አጣርተው ይለዩታል፤ ኬታሉም አሲድ ሳያይ ያልፋል።

በአሲድ ቢያጠፉት ኬቶኑና አልኮሉ ሁለት ካርቦን ብቻ ተራርቀው ራቁታቸውን ይገናኛሉ። ትንሽ ሙቀት ሲያገኙ ውኃ ጥለው ሜትል ቪኒል ኬቶን ይሆናሉ። ዓይን ሲያቃጥል፣ ምርቱ ሲጎድልና ጠርሙሱ ሥር ቢጫ ዝልግልግ ሲቀር እሱ መሆኑን ይወቁ። መርዛማ ነው፤ ለማሽተት አይጠጉ።

ለአልኮሉ፦ ሦስቱን ያስፈተነ አንድ እርምጃ

አሁን አልኮል አለን፣ ኬቶኑ ገና እንደተሸፈነ ነው። ግሪኛርዱ ኬቶኑን እንዲያገኝ ኬታሉ መውለቅ አለበት፣ አልኮሉ ደግሞ መልበስ አለበት፤ አለዚያ ግሪኛርዱ የአልኮሉን ሃይድሮጅን በልቶ ሜቴን ሆኖ ያልፋል። እንግዲህ የአልኮሉ ሽፋን ግሪኛርዱን ብቻ ሳይሆን ኬታሉን የሚያወልቀውን አሲድም መቻል አለበት።

ዳይሃይድሮፓይራን የሚሠራው የቲኤችፒ ሽፋን ርካሽና ቀላል ነው፤ ጥቂት አሲድ በክፍል ሙቀት ይበቃዋል። ግን እሱም በአሲድ ነው የሚወልቀው፤ ከኬታሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ደግሞ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ሊይዝ የሚችል አንድ አዲስ ካይራል ካርቦን ይጨምራል። ሞለኪውሉ ቀድሞ አንድ እንዲህ ያለ ካርቦን ካለው ምርቱ ሁለት ዓይነት ይሆንና ኤንኤምአሩ ላይ ጫፎቹ ሁሉ መንታ ይሆናሉ፤ ተማሪው ቆሻሻ ነው ብሎ ሳምንት ሲያጣራ ይከርማል።

ቲቢኤስን ኮሪና ቬንካተስዋርሉ በ1972 ካስተዋወቁት ጀምሮ ሁሉም ይወደዋል፤ እኔም ጭምር። ከኢሚዳዞል ጋር በዳይሜትልፎርማማይድ ውስጥ ይለብሳል፣ ንጹሕ ነው፣ በፍሎራይድ ይወልቃል። ኬታሉን ሳይነኩ አልኮሉን ብቻ መግለጥ ቢፈለግ ኖሮ ያለ ማንገራገር እሱን ግዛ እለው ነበር። የኛ ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰንሰለት ጫፍ ያለ አልኮል ላይ የለበሰ ቲቢኤስ ኬታሉን በሚያወልቅ እርጥብ አሲድ አይቆምም። በዋጋም ከሦስቱ ውዱ ነው።

የቀረው ቤንዚል ነው። ለ6.6 ግራም አልኮል 2.4 ግራም 60 በመቶ ሶዲየም ሃይድራይድ በቴትራሃይድሮፉራን፣ ሃይድሮጅኑ መውጣቱ ሲበርድ 9.4 ግራም ቤንዚል ብሮማይድ። ብሮማይዱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጓንቱንና ዕቃውን ከጭስ መሳቢያው አያውጡ። አንዴ ከለበሰ ግን ቀዝቃዛ አሲድ አይነካውም። በአሴቶንና በጥቂት ውኃ ውስጥ ያንኑ ፓራ-ቶሉዊን ሰልፎኒክ አሲድ ጨምረን ኬታሉን አወለቅን፣ ቤንዚሉ ባለበት ቆየ፣ ሜትል ማግኒዚየም ብሮማይድም ኬቶኑን ብቻ አገኘ።

ቤንዚሉ በመጨረሻ የሚወልቀው በሃይድሮጅን ጋዝና በፓላዲየም ከሰል ነው። ግፊት ያለው መሣሪያ አያስፈልግም፣ ፊኛ ላይ የተሞላ ሃይድሮጅን ይበቃል። ሲሊንደሩ ግን ግቢው ውስጥ መኖሩን ብሮማይዱን ከማዘዝዎ በፊት ያረጋግጡ። ዳይታዮሉ ላይ ያቆየሁት ሦስተኛ ዋጋ ይህ ነው፤ ሰልፈር ፓላዲየምን ይመርዛል። ኬቶኑን በዳይታዮል ሸፍነው ትራፊው በደንብ ካልጸዳ ቤንዚሉ አልወልቅ ይላል፣ ፊኛውም ሳይጎድል ያድራል።

ተማሪው ዳይታዮሉን፣ ዳይሃይድሮፓይራኑንና ቲቢኤሱን ሰረዘ። ግላይኮሉና ቤንዚል ብሮማይዱ ቀሩ፣ ከተረፈው ገንዘብ አምስት ግራም ፓላዲየም ከሰል ጨመረ። ፌሪክ ክሎራይዱን ከአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራ ተዋስን።