የጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያን ከሻወር ጋር ማገናኘት፦ ከአሥር ወራት አጠቃቀም በኋላ

ማሞቂያዬ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ፣ 200 ሊትር የሚይዝና አናቱ ላይ የአየር መተንፈሻ ያለው፣ ግፊት የማይችል ዓይነት ነው። ስለ ማሞቂያው ብዙ የምለው የለኝም፤ ፀሐይ በዋለበት ቀን አመሻሹ ላይ ውሃው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ይገኛል። ለሁለት ወር ያህል ያስቸገረኝ ይህ ሙቅ ውሃ ምድር ቤት ካለው ሻወር እንደ ሙቀቱ አለመድረሱ ነበር።

ጥፋቱ የነበረው ቀዝቃዛው ውሃ በተወሰደበት ቦታ ላይ ነው። የሙቅ ውሃው ታንከር ከሻወሩ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሙቁ የሚወርደው በ0.5 ባር ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ቀዝቃዛው ግን በቀጥታ ከዋናው መስመር በ2.5 ባር ይመጣ ነበር። ሁለቱ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገናኙ ብርቱው ደካማውን ይገፋዋል። እጀታውን ወደ ሙቅ ባዞርኩ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ ለብ ያለ ውሃ ይመጣና መልሶ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱን የነገረኝ ጣሪያው ነው፦ ሚክሰሩን ከፍቼ በእጅ ሻወሩ ላይ ባለው መዝጊያ ብቻ ውሃውን ሳቆም፣ ከላይ የማሞቂያው መተንፈሻ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ቀዝቃዛው በሙቁ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ታንከሩን እየሞላው ነበር ማለት ነው። ጣሪያ ላይ መውጣት የማይችል ሰው በዚያው ሰዓት ከሚክሰሩ በፊት ያለውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ በእጁ ይዳስስ፤ ሙቅ መሆን ሲገባው ከቀዘቀዘ ችግሩ ይኸው ነው።

የገጠመልኝ ባለሙያ በመጀመሪያ የቀዝቃዛውን መዝጊያ በከፊል አጠበበው። ይህ የሚረዳው ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ብቻ ነው፤ ሻወሩ ጫፉ ላይ ሲዘጋ ቀዝቃዛው ሙሉ ግፊቱን መልሶ ያገኛል። ቀጥሎ በሙቁ መስመር ላይ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ተገጠመ። መፍሰሱ ቆመ፣ ሻወሩ ግን አልሞቀም፤ ቫልቩ ቀዝቃዛው እንዳይመለስ ይከለክላል እንጂ ለሙቁ ጉልበት አይጨምርለትም። እንዲያውም ስፕሪንግ ያለው ዓይነት ስለነበረ ካለችው ትንሽ ግፊት ላይ ተቀናሽ አደረገ።

መፍትሔው የተገኘው ማሞቂያውን ከሚመግበው የጣሪያ ታንከር ለሻወሩ ብቻ የሚያገለግል የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ሲወርድ ነው። ሁለቱም ከአንድ ከፍታ ስለሚመጡ ግፊታቸው ተቀራረበ፤ እጀታው መሃል ላይ ሲቆም ውሃው በእርግጥ ይደባለቃል። "ለሻወሩ ብቻ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ መስመር ላይ የሽንት ቤት ማጠቢያ ቢቀጠል፣ እርሱ ሲሞላ የቀዝቃዛው ግፊት ይወርድና የሚታጠበው ሰው ላይ በድንገት የሚያቃጥል ውሃ ይመጣበታል። ሙቁ 65፣ ቀዝቃዛው 18 ዲግሪ ቢሆን 40 ዲግሪ ለማግኘት የሚያስፈልገው ሙቅ ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ መቶ ሊትር ሙቅ ከሁለት መቶ ሊትር በላይ መታጠቢያ ይሆናል።

ስለ ቧንቧ ሽፋን የነበረኝ ግምት ግን የተሳሳተ ነበር። ጠዋት ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ያለውን ጥበቃ ያሳጥርልኛል ብዬ 16 ሜትሩን በሙሉ 13 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጥቁር ፎም አለበስኩት። ጥበቃው አልተለወጠም። የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በዚህ ርዝመት ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይይዛል፤ ሌሊቱን ሲያድር የትኛውም ፎም ሙቀቱን አያቆየውም፤ ስለዚህ ያ ውሃ መጀመሪያ ፈስሶ ማለቅ አለበት። እኔ በባልዲ እቀበለዋለሁ። ሽፋኑ የሚጠቅመው በተከታታይ ለሚታጠቡ ሰዎች ነው፦ ቀድሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይቀዘቅዝ የነበረው ቧንቧ፣ አሁን ከግማሽ ሰዓት በኋላም መታጠቢያ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ጥበቃን የሚያሳጥረው የቧንቧው ማጠር ነው፤ ማሞቂያውን ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ይህን ከመገጠሙ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

ከቤት ውጭ ያለው ፎም በሰባተኛው ወር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቅ ቅርፊት መርገፍ ጀመረ፤ በተለይ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው የላይኛው ጎኑ። ቀይሬ በአሉሚኒየም ቴፕ ጠቀለልኩት፤ መገጣጠሚያዎቹን ሳይቀር፣ ምክንያቱም ዝናብ ገብቶ የራሰ ፎም ሽፋን መሆኑ ይቀራል። የቀረኝ አንድ ጉድለት የውሃው አወራረድ ነው፤ በ0.5 ባር ጠባብ ቀዳዳ ያለው የሻወር ራስ ስለማይሆን ሰፊ ቀዳዳ ባለው ለውጬዋለሁ፣ ያም ሆኖ ከዋናው መስመር እንደሚመጣው ውሃ አይገርፍም።