ሐዋሳ በአውሮፕላን፦ ከበር እስከ በር ስንት ሰዓት?

ዘመድ ጥየቃ ከአሜሪካ መጥቼ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአውሮፕላን ሄድኩ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከአያት ሰፈር ወጥቼ ሐዋሳ ሆቴሌ እስክገባ ግን አራት ሰዓት ተኩል ሄዷል።

በረራው ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። በስልክ የጠራሁት ታክሲ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ደጃፌ ቆመ። ሹፌሩ ጨዋና ሰዓት አክባሪ ነው። የጠዋቱ መንገድ ግን ዝግ ስለነበር ቦሌ ስንደርስ 2 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ተርሚናሉ በር ላይ ገና ሳይገቡ ፍተሻ አለ። ሻንጣው በሙሉ ማሽን ውስጥ ያልፋል፣ ጫማና ቀበቶ ይወልቃል። ሻንጣ አስመዝኜ ቼክ ኢን ካደረግኩ በኋላ ወደ መጠበቂያው ስገባ ደግሞ ሁለተኛ ፍተሻ ነበር። ሠራተኞቹ ትሁት ናቸው፣ ለእናቶች ቅድሚያ ሲሰጡ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ በአውቶቡስ ወደ አውሮፕላኑ ወሰዱን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አየር ላይ የምንቆይበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት መንቀሳቀስ ሲጀምር ተነስቶ፣ ሄዶ ሲቆም ያበቃል። ቦሌ ላይ ወደ ማኮብኮቢያው ሲሄድና ተራ ሲጠብቅ የሚያልፈው ደቂቃ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። እኛ አሥር ደቂቃ ዘግይተን ተንቀሳቀስን፣ መሬት የለቀቅነው 4 ሰዓት ከ22 ነው። አየር ላይ የቆየነው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ሐዋሳ ላይ አየር ማረፊያው ትንሽ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ በእግር ይወጣል። ሻንጣዬ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። የሆቴሉ መኪና በሰዓቱ ቆሞ ነበር፣ ግን ከተማው ትንሽ ራቅ ይላል። ክፍሌ ስገባ 5 ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ በመኪና ተነስቶ በአዳማው ፈጣን መንገድ፣ ከዚያም ከሞጆ በባቱ በኩል መጣ። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁርስ በልቶም የፈጀበት ጊዜ ከእኔ እኩል ነው።

የመሬት ላዩ ጣጣ መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም ያው ነው። ወደ ድሬዳዋ ብሄድ አየር ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጨመርብኛል፣ በመኪና ግን ቀኑ ያልቃል። እዚያ ያለማመንታት እበራለሁ።

ለሐዋሳ በአውሮፕላን መሄድ የሚያዋጣው ከውጭ ገብቶ ከቦሌ ሳይወጣ ለሚቀጥል ሰው ነው፤ ከተማ አቋርጦ መምጣት የለበትማ። ከቤት የሚነሳ ደግሞ የእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ፣ ቼክ ኢኑን በስልኩ ይጨርስ። የማስመዘኛው ሰልፍና ሐዋሳ ላይ ሻንጣ መጠበቁ ይቀርለታል።