ለጋራዤ መደርደሪያ የሠሩልኝን ባለሙያ አመስግኜ ልጠቁማችሁ

ሳሪስ አካባቢ ብረታ ብረት ቤት ላላቸው አንድ አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። ለጋራዤ የዕቃ መደርደሪያ ሠርተውልኛል። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን ገና ብረቱ ሳይቆረጥ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

የፈለግኩት ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ የሆነ ባለ አራት ደረጃ መደርደሪያ ነበር። ካምቢዮ፣ የሞተር ክዳንና ባትሪ ስለሚጫንበት ባለ 40 በ40 አንግል ብረት፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ እንዲሆን ተስማማን። ቀድሜ ያነጋገርኳቸው አንዱ ሙሉ በሙሉ ብየዳ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ቡሎን ይሁን ብለውኝ ስለነበር ግራ ገብቶኛል። ጋሼ ግን፣ "ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው ወይስ ኪራይ? የዕቃ ክፍሉ በርስ ስፋቱ ስንት ነው?" አሉኝ። ኪራይ መሆኑን፣ በሩም 90 ሴንቲ መሆኑን ነገርኳቸው። "እንግዲያው ጎኖቹን እንበይዳለን፣ ርዝመቱን በቡሎን እናስራለን" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎን የሚባለው ሁለት እግርና በመካከላቸው የሚገቡ አጫጭር ብረቶች ናቸው፤ ሲያዩት መሰላል ይመስላል። ወርዱ 60 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ተበይዶም በበሩ ይገባል። እሱን የሚፈታበት ምክንያት ስለሌለ ብየዳው ያጠነክረዋል። ረጃጅሞቹ ብረቶች ግን ከተበየዱ መደርደሪያው የሚወጣው ተቆርጦ ነው። በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ ዘይት አለ፣ ባትሪም ቻርጅ ይደረጋል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ እዚያ የብየዳ ፍንጣሪ እሳት መጥራት ነው። ስለዚህ ብየዳው ሁሉ እሳቸው ቤት አልቆ፣ እኔ ጋ የመጣው ቁልፍ ብቻ ነው።

የቡሎን ችግር መወዛወዝ ነው። ባለ 10 ቡሎን እንዲገባ ቀዳዳው 11 ሚሊ ይበሳል። ያቺ አንድ ሚሊ ክፍተት ትንሽ ትመስላለች። ግን መጋጠሚያው ላይ አንድ ቡሎን ብቻ ካለ ብረቱ እንደ ማጠፊያ ይዞራል፤ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቡሎን እንዳይደረግ ደግሞ እግሩ 4 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስም ከጠርዙም ይቀራረባሉ። ጋሼ ያደረጉት፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ 12 በ12 ሴንቲ የሆነ ላሜራ ከእግሩ ጋር በየዱ። ረጅሙ ብረት የሚታሰረው ላሜራው ላይ ነው፤ ሁለቱ ቡሎኖች 7 ሴንቲ ያህል ተራርቀው። በዚህ ላይ ከጀርባው በሰያፍ የተሻገሩ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ጨመሩ። መወዛወዙን ዋናው የሚከለክለው እሱ ነው።

ሁለት ጎን ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ መሃል ላይ አስገቡ። እኔ ወጪ ለመቀነስ ይቅር ብያቸው ነበር። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ያው ክብደት ብረቱን ስምንት እጥፍ እንደሚያጎብጠው ሲያስረዱኝ ዝም አልኩ። ደግሞ ከአንድ ባለ 6 ሜትር ቤርጋ ሦስት እግር ስለሚወጣ፣ ስድስቱ እግሮች በሁለት ቤርጋ አለቁ።

ብየዳውን ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ማዕዘኖቹን ነጥብ ነጥብ አድርገው ብቻ ያዟቸው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ጎኑ ተጣሟል ማለት ነው። አንዱ በ3 ሚሊ በለጠ። በመዶሻ መትተው አስተካከሉና አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ማዕዘን እያፈራረቁ በየዱ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ወደ ራሱ ይስባልና በአንድ ወገን በአንዴ ከተበየደ ይጎብጣል። በመጨረሻ ዝቃጩን አራግፈው አንቲራስት ቀቡት።

ሲገጣጠምም ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አስያዙ። ሁሉም ብረት ገብቶ፣ ወለሉ በውሃ ልክ ታይቶ፣ ጀርባው ከጥግ ጥግ ከተለካ በኋላ ነው በቁልፍ ያጠበቁት። አስቀድሞ አንዱን ካጠበቁ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም። ኮምፕሬሰር አጠገብ ስለሆነ ስፕሪንግ ሮንዴላ አደረጉበት፤ ሆኖም ከአንድ ወር በኋላ ዞሬ እንዳጠብቀው አስጠነቀቁኝ።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ፣ መደርደሪያው ትንሽና ከቦታው የማይነሳ ከሆነ ሙሉ ብየዳ ይሻላል ይላሉ፤ ቀዳዳ የለም፣ ቡሎን አይገዛም፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ለሥራቸው የሚጎዳቸውን እንኳ ሳይደብቁ መንገራቸው ነው ያስከበራቸው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ተመሳሳይ ሥራ ያላችሁ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የክፍላችሁን ልክ፣ የበሩን ስፋትና በየደረጃው የምትጭኑትን ክብደት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።