ኮሮላ ወይስ ቪትዝ? ቤንዚኑ ደካማ ሲሆን የቱ ይሻላል

በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራችው ባለ 1.6 ኮሮላ፣ ፎር-ኤ ሞተር ያላት፤ በሌላው ባለ 1.0 ቪትዝ፣ ዋን-ኬ-አር ሞተር ያላት። የመጀመሪያዋ የአየርና የቤንዚን ቅልቅሉን 9.5 ጊዜ፣ ሁለተኛዋ 10.5 ጊዜ ትጨምቃለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የመጣችው ቪትዝ ደግሞ 11.5 ጊዜ። ጭመቃው ሲበዛ ከአንድ ሊትር የሚገኘው ጉልበት ይጨምራል፤ ቅልቅሉ ግን በጣም ይግላል። የቤንዚኑ ኦክቴን ዝቅ ካለ የካንዴላው እሳት ያልደረሰበት ቅልቅል በራሱ ይፈነዳል። ኖክ የምንለው ይህ ነው፤ ሲደጋገም ፒስቶኑንና ጓርኒሲዮኑን ይጎዳል።

በዚህ ስሌት ኮሮላዋ የምትሻል ትመስላለች። ወሳኙ ግን ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ የሚያርመው ማን ነው የሚለው ነው።

ኮሮላዋ ላይ የሚያርመው መካኒኩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ኖክም ይቀንሳል። ስለዚህ አንዳንድ መካኒክ መኪናዋ እንድትነሳ ብሎ ዲስትሪቢውተሩን ያስቀድመዋል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ሲወጡ ደህና ናት። አዋሽ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ጠጠር የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ላምባ የተቀላቀለበት የጄሪካን ቤንዚን ከቀዱባትማ ቸርችል ላይም ታንኳኳለች።

ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩት። ሞተሩ ይሙቅ፤ በመመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 በሽቦ ይገናኙ፤ የታይሚንግ መብራቱ በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይታሰር። በሚኒሞ 10 ዲግሪ ማሳየት አለበት። 15 ወይም 16 ካሳየ ዲስትሪቢውተሩ ተነክቷል ማለት ነው፤ የሁለት ብሎን ሥራ ስለሆነ ይህ ብቻውን ግዢውን አያስቀርም። ቴስታታው ተልጎ ከሆነ ግን ጭመቃው ከ9.5 ስለሚያልፍ ባለቤቱን ይጠይቁ።

ቪትዟ ግን ኖክ ሴንሰር አላት። ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ ድምፅ ላይሰሙ ይችላሉ፤ የሚታየው ጉልበት ማጣትና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። ስካነር ሰክተው ዳገት ላይ የታይሚንጉን ቁጥር ይከታተሉ፤ ነዳጅ በሰጡ ቁጥር በብዙ ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ቤንዚኑን፣ ቀጥሎ ፒስቶን ላይ የተጋገረውን ካርቦን ይጠርጥሩ። P0325 የሚል የብልሽት ኮድ ካገኙ የሴንሰሩ መስመር ተበላሽቷል፤ ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ እሳቱን ሁልጊዜ አዘግይቶ ስለሚሠራ መኪናዋ ጥሩ ቤንዚን ላይም ትደክማለች። ኮዱን አጥፍቶ የሚሸጥ ስላለ ስካነሩን ከፈተናው ጉዞ በኋላም ይድገሙት።

ብዙ ጊዜ ወደ ቆላ ለሚወርድና ቤንዚን ከየትም ለሚቀዳ ሰው፣ ሴንሰሯ ጤነኛ የሆነች ባለ 10.5 ቪትዝን እንመርጣለን። ኮሮላዋ የምትስማማው ታይሚንጉን በመብራት የሚያስተካክል መካኒክ ላለው ሰው ነው፤ በጆሮ ብቻ ለሚያስተካክል መካኒክ አትስጧት።