ድሬዎች፣ የድሮ ፎቶ ወደ ቪዲዮ ለማስቀየር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በከተማችን የድሮ ፎቶ ሰብስቦ የሚንቀሳቀስ ቪዲዮ የሚሠራ ፎቶ ቤት በዝቷል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለሙት ዓመት። ማስታወቂያው ላይ "ፎርኬ ጥራት" ይላል። ሥራው ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አክስቴ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ቤት ያጋጠማት ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው። የቤቱን ስም አልጠራም። አሠራሩን ካወቃችሁ የትኛውም ቤት ስትገቡ ትለዩታላችሁ።

አክስቴ ለባሏ ሙት ዓመት 60 ፎቶ ሰጠች። በአንድ ፎቶ 120 ብር፣ በድምሩ 7,200 ብር። ከዚያ ውስጥ 5,000 ብሩን ቀብድ ተቀበሏት። ቪዲዮው በስልክ ሲታይ ምንም አይልም። ቤት ውስጥ በትልቁ ቴሌቪዥን ሲከፈት ግን ጉድ ሆነ። አጎቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ከባልደረቦቹ ጋር ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሳው ፎቶ አለ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ እሱ ይጠጋና መጨረሻ ላይ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። አይን የለ፣ አፍንጫ የለ።

የቤቱ ባለቤት መልስ ዝግጁ ነበር፦ "እማማ፣ ፎቶው አሮጌ ስለሆነ እኮ ነው።"

አይደለም። ዋናው ፎቶ እጃችን ላይ አለ። በአጉሊ መነጽር ስታዩት የኮፍያው አርማ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ የመለሱላትን ፍላሽ ከፍቼ ፎልደሩን አየሁት። እያንዳንዱ ፎቶ 1280 በ853 ፒክስል ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። ስንጠይቃቸው አልካዱም። ስካነር የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ በስልኩ አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ኤዲተር በቴሌግራም ልኮታል። አቦ፣ ለዚህ ነው እንዴ 120 ብር?

ሒሳቡን እንየው። ተራ ኤችዲ ቪዲዮ ወርዱ 1920 ፒክስል ነው። አጎቴና አጠገቡ ያሉት ሁለት ጓደኞቹ ከፎቶው ወርድ ሩቡን ይይዛሉ። ካሜራው እነሱ ላይ ሲያርፍ ከ1280ው የሚቀረው 320 ፒክስል ብቻ ነው። ያ 320 ስክሪኑን እንዲሞላ ስድስት እጥፍ ይለጠጣል። "ፎርኬ" ሲሉ ደግሞ ወርዱ 3840 ስለሆነ አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ፋይሉ ፎርኬ ነው፣ ውሸት የለውም። ውስጡ ያለው ምስል ግን ያው ጭጋግ ነው።

እኛ ያንኑ ፎቶ ቢሮ ውስጥ ባለ ተራ ስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ስካን አደረግነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ ልክ ረጅሙ ጎን ወደ 3,500 ፒክስል ይሰጣል። ሩቡ 880 ገደማ ነው፤ ኤችዲ ላይ የሚለጠጠው ከሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ ፊቱ ፊት ነው። ከዚያ በላይ በ1200 ስካን ማድረግ ለብዙ የታተመ ፎቶ ብዙም አይጠቅምም፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ስካነር አይፈጥርም። ኔጌቲቩ ቤት ውስጥ ካለ ግን እሱን ፈልጉ። ኔጌቲቭ ስካን የሚያደርግ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ከወረቀቱ የተሻለ ሊወጣው ይችላል።

ሁለተኛው ችግር እንቅስቃሴው ነው። ፎቶው ቆሞ ካሜራው ቀስ ብሎ የሚጠጋበት ወይም ከጎን ወደ ጎን የሚሄድበት ዘዴ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዶክመንተሪ ሠሪ ኬን በርንስ በታሪክ ፊልሞቹ አዘውትሮ ስለተጠቀመበት አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ Ken Burns የሚል ስም ይዞ ታገኙታላችሁ። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለ60ውም ፎቶ በአንዴ ማድረግ ይቻላል። እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ ፊት የት እንዳለ ሳያይ ሁሉንም ወደ መሐል ይጠጋል።

አክስቴ በወጣትነቷ ስቱዲዮ ቆማ የተነሳችው የቁም ፎቶ አለ። ቪዲዮው አግድም ነው፣ ፎቶው ደግሞ ወደ ላይ የቆመ። ስክሪኑን በወርዱ እንዲሞላ ሲባል ከፎቶው ከፍታ የሚተርፈው ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። ያ መሐለኛው ሲሶ ምኑ ነው? ወገቧ! በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀሚሷ ቀበቶ ተጠግቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። አክስቴ ይህን ስታይ መሳቋ ደግ ሆነ። የቁም ፎቶ እንዲህ አይሠራም። ወይ ሙሉው እንዲታይ ተደርጎ ግራና ቀኙ በደበዘዘ ምስል ወይም በጥቁር ይሞላል፣ ወይ ካሜራው ከእግር ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወጣና እዚያ ያርፋል። ይህ በእጅ የሚሠራ ነው፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰው ይመርጣል። ገንዘብ የሚከፈልበትም ይኸው ነው።

ፍጥነቱም ይታይ። ለአንድ ፎቶ ከስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ፣ መጠጋቱ ደግሞ አሥር በመቶ ገደማ ቢሆን ዓይን አይደክምም። የፊት መጠጋት የግድ ካልሆነ ከዚያ ብዙ አያስፈልግም። ግን ቀስ ያለ እንቅስቃሴ የራሱ ጣጣ አለው፦ መንቀጥቀጥ። በሰባት ሰከንድ አሥር በመቶ ሲጠጋ የምስሉ ጠርዝ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን በሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች በእያንዳንዱ፣ የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ፒክስል ያህል ነው። ደካማ ፕሮግራም ግማሹን ወደ ሙሉ ያጠጋጋዋል። አንዴ ቆም፣ አንዴ ዘለል ይላል። ለማወቅ ፊቱን አትዩ፤ የበር መቃን፣ የባቡር ሐዲድ ወይም የፎቶውን ነጭ ጠርዝ ተመልከቱ። ቀጥ ያለ መስመር የሚርገበገብ ከሆነ ሥራው በጥንቃቄ አልተሠራም። መፍትሔው ፎቶውን አስቀድሞ በጣም አተልቆ ማስገባት ወይም ከፒክስል በታች የሚያሰላ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሲጠየቅ ግራ ሊገባው አይገባም።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ፎቶ ብቻ ስጧቸው፣ አንድ ብዙ ሰው ያለበት የቡድን ፎቶ፣ አንድ የቁም ፎቶ። የሁለቱን ናሙና ሠርተው ያሳዩአችሁ። በስልክ ሳይሆን በፍላሽ ወስዳችሁ ቤት ባለው ትልቁ ስክሪን እዩት። "ናሙና አንሠራም" ካሉ ሌላ ቤት ሂዱ። ስካኑን አብረው እንዲያስረክቡ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በደረሰኙ ላይም ይጻፍ። አክስቴን ፎልደሩን ለመስጠት ተጨማሪ 1,500 ብር ጠይቀዋት ነበር፤ በስንት ጭቅጭቅ ነው የሰጧት። ስትረከቡ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ Properties ከዚያ Details ውስጥ Dimensions የሚለውን እዩ። ረጅሙ ጎን 1280 ካለ ስካን አልተደረገም ብላችሁ ጠርጥሩ።

ዋናዎቹን ፎቶዎች ከተቻለ አትተዉላቸው፣ ቁጭ ብላችሁ ስካን ሲደረግ ጠብቁ። ከአክስቴ አልበም የተነቀሉት ሁለቱ ጀርባቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎባቸው ነው የተመለሱት። የቀረውን 2,200 ብር አልከፈልንም፣ የከፈልነውን 5,000 ግን እስካሁን አልመለሱም።