የተጣራው ብቻ ወይስ ከነውዝፉ?

ውጭ አገር ላለ የቤት ባለቤት የቤቱ አስተዳዳሪ ከድሬዳዋ የሚልከው ወርሃዊ የኪራይ ሪፖርት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «18,100 ብር አስገብቻለሁ» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ይልካል። ሌላው ብሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ያሳያል።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አምስት ክፍል የሚከራይበት ግቢ አለ እንበል፤ አንዱ ክፍል 6,000 ብር ነው። መሰብሰብ የነበረበት 30,000 ሲሆን ክፍል 3 ስላልከፈለ የተሰበሰበው 24,000 ነው። ከዚህ ላይ ለውሃ ፓምፕ ጥገና 3,500፣ ለአስተዳዳሪው 10 በመቶ 2,400 ሲቀነስ ያው 18,100 ይመጣል።

ጉዱ የሚወጣው በቀጣዩ ወር ነው። ክፍል 3 ከነውዝፉ 12,000 ከፈለ፤ ሌሎቹም ከፈሉ። ወጪ ከሌለ ለባለቤቱ 32,400 መድረስ ነበረበት። አስተዳዳሪው 27,000 ቢልክስ? በአጭሩ ሪፖርት የአምስቱም ክፍል ኪራይ የገባ ይመስላል፤ ማንም አይጠይቅም። በሁለተኛው ግን ካለፈው ወር የዞረው 6,000 ቁጭ ብሏል። አሁንም «አልተከፈለም» ከተባለ ለተከራዩ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።

ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባዶ ክፍልም «ባዶ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከውዝፍ ጋር አይቀላቀል። የጥገና ወጪን ግን ይህም ሪፖርት ብቻውን አያጣራም። ደረሰኝና የተቀየረው ዕቃ ፎቶ አብረው ይላኩ።